ከሁዳዴ በፊት የተነጠረ ቅቤ ለፋሲካ ሲከፈት

ጥያቄ፦ «ሁዳዴ ሊገባ ሲል ከቅዳሜ ገበያ 4 ኪሎ ቅቤ ገዝቼ አነጠርኩ። 3 ኪሎ ተኩል ስለወጣኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ነጭ ሽንኩርቱንና ቅመሙን መጨረሻ ላይ ጨመርኩ፣ አላጠለልኩትም፤ እናቴም አታጠልም ነበር። መጀመሪያ የቀዳሁትን በጠርሙስ ዕቃ አድርጌ መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩ። የድስቱን ሥር ደግሞ በእርጎ ባልዲ አድርጌ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። አሁን ፋሲካ ሲደርስ ብከፍተው የጠርሙሱ አናት ነጥቷል፣ የቆየ ዘይት ይሸታል። የባልዲው ሥር ውሃ ነገር አቁሯል፣ ጠረኑ ይኮመጥጣል። ጾም ስለሆነ መቅመስ አልችልም። ተበላሽቷል? ይድናል? ለወደፊቱስ ስንት ወር ይቆይልኛል?» (ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

መልስ፦ በባልዲው እንጀምር። እሱን ይድፉት። አያሙቁት፣ እንደገና አያንጥሩት፣ ከጾም በኋላም አይቅመሱት። የጠርሙሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ምናልባት ከመሃሉ የሚተርፍ ይኖራል። እንዴት እንደሚለዩት ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

ሁለቱ ዕቃዎች የያዙት ከአንድ ድስት የወጣ ቅቤ ነው። የተበላሹበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። ይህን መለየት ከቻሉ ለሚቀጥለው ጊዜ ምን ማስተካከል እንዳለብዎት በራስዎ ያውቁታል።

ከሁሉ በፊት ዓይኔ የገባው 3 ኪሎ ተኩሉ ነው። የእኛ አገር ቅቤ የሚወጣው ከረጋ ወተት ነው። እርጎው ተንጦ ቅቤው ሲሰበሰብ አሬራ ውስጡ ይቀራል፣ የታጠበበት ውሃም ይቀራል። ገበያ ላይ የምናገኘው ቅቤ ደህና የታሸ ቢሆን እንኳ ከአምስት እጁ አንዱ ገደማ ውሃና አሬራ ነው። በደንብ ካልታሸ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ከ4 ኪሎ ቅቤ በደንብ ተነጥሮ መውጣት የሚገባው 3 ኪሎ ከ200 ግራም አካባቢ ነው። ከዚያ ቢያንስ አይደንቅም። የርስዎ ግን 300 ግራም በልጧል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ያልተጠለለው ቅመም ነው። የቀረው ያልወጣ ውሃና አሬራ ነው። ብዙ ወጣ ብለው የተደሰቱበት ትርፍ ቅቤ አልነበረም።

ያ ውሃ የት ሄደ? ውሃ ከቅቤ ይከብዳል። ድስቱ ረጋ ሲል ወደ ሥር ይወርዳል። የአሬራው ዝቃጭ፣ የነጭ ሽንኩርቱ ቁርጥራጭና ቅመሙም አብረው ይወርዳሉ። መጀመሪያ የቀዱት የላይኛው ስለነበር ጠርሙሱ ውስጥ የገባው ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። ባልዲው የድስቱን ሥር ተቀበለ። ውሃውም፣ አሬራውም፣ ነጭ ሽንኩርቱም እዚያ ተከማቸ።

ቅቤ የሚበላሽበት አንደኛው መንገድ በውሃ ነው። የቅቤ ስብ የተሠራው የስብ አሲዶች ከግሊሰሪን ጋር ተያይዘው ነው። ከእነዚህ አሲዶች አንዱ ቡቲሪክ አሲድ ይባላል። በቅቤ ውስጥ ታስሮ እስካለ ድረስ ምንም አይሸትም። ሲፈታ ግን በጣም ጥቂቱ እንኳ አፍንጫ ይወጋል። ያረጀ ቅቤ፣ የተመለሰ ወተት፣ የወጠጤ ፍየል ጠረን የሚባለው ሁሉ የሚመጣው ከእሱና ከዘመዶቹ ነው። እነዚህን አሲዶች ለመፍታት ውሃ ያስፈልጋል። ሥራውን የሚያፋጥነው ደግሞ ላይፔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም በወተቱ ውስጥ አለ፣ አሬራውን ተከትለው የሚመጡት ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎችም ያመርቱታል።

ለዚህ ነው ከእርጎ የወጣ ቅቤ ከፋብሪካ ቅቤ ይልቅ ማንጠሩ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው። ጣዕሙን ያገኘው ከመርጋቱ ነው፤ ይህ ጣዕም በሌላ አይተካም። ነገር ግን ያንን ጣዕም የሠሩት ባክቴሪያዎች ከነምግባቸው ከነውሃቸው ቅቤው ውስጥ ናቸው። በደንብ ሲነጠር እሳቱ ባክቴሪያዎቹን ይገድላል፣ አብዛኛውን ላይፔዝም ያጠፋል። ውሃውም ሲወጣ ቀሪው መኖሪያ ያጣል። ሥሩ ላይ ውሃ ከቀረ ግን ሥራው ገና አላለቀም።

የባልዲውን አይቅመሱት ያልኩት ግን ለመኮምጠጡ ብቻ አይደለም። ለነጭ ሽንኩርቱም ነው። ነጭ ሽንኩርት ከአፈር የሚመጡ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘሮች ሊይዝ ይችላል። እነዚህ ዘሮች በተራ መፍላት አይሞቱም። እርጥብ ቁርጥራጭ በስብ ተሸፍኖ፣ አየር በሌለበት፣ በክፍል ሙቀት ሳምንታት ሲቀመጥ ዘሩ በቅሎ መርዝ ሊያወጣ ይችላል። መርዙ በጠረንም በቀለምም አይታወቅም። የርስዎ ባልዲ መርዝ አለው እያልኩ አይደለም። በአፍንጫ ማወቅ ስለማይቻል ነው መድፋቱን የመረጥኩት። የዚያን ያህል ቅቤ ዋጋ በዚህ ጊዜ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ለልጆች ወጥ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

እናትዎ ሳያጠልሉ ይቆይላቸው የነበረው ለምን ይሆን? ቤታቸው ገብቼ አላየሁም። በብዙ ቤት የማየው ግን ይህ ነው። የቀድሞ ሴቶች ነጭ ሽንኩርቱን ገና ከመጀመሪያው ከቅቤው ጋር ይጥሉታል። እስከ መጨረሻው ሲንተከተክ ይደርቃል፣ ጥርስ ላይ ቁርጭ የሚል ይሆናል። ደረቅ ቅመም ሥር ቢቀመጥ ብዙም አይጎዳም። መጨረሻ ላይ የገባ ነጭ ሽንኩርት ግን ውሃውን እንደያዘ ይቀራል። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። እዚህ ውሃ የለም፣ ወይም በጣም ጥቂት ነው። የጎዳው አየርና ብርሃን ነው። ኦክስጅን ስቡን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ብርሃን ሥራውን ያፋጥናል፣ ሙቀትም ይጨምርበታል። ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ባሕር ዳር ከዓመቱ ሞቃቷ ናት። ከሰዓት በኋላ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ መስኮት አጠገብ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። በዚህ ሙቀት ቅቤው ግማሽ ፈሳሽ ሆኖ ነው ሁዳዴን ያሳለፈው።

ይህ ዓይነቱ ብልሽት አይኮመጥጥም። የተጠበሰበት የቆየ ዘይት፣ የሻማ፣ የአሮጌ ካርቶን፣ ሲብስም የቀለም ጠረን አለው። የሚጀምረው ከላይ ነው፣ ብርሃን ከሚመታውም ጎን ነው። አናቱ የነጣው ቅቤውን ቢጫ የሚያደርገው ካሮቲን አብሮ ስለሚጠፋ ነው። ስለዚህ ቀለም ጥሩ ምልክት ነው፤ የሚነጻጸረው ግን ያው ዕቃ ውስጥ ላይኛው ከታችኛው ጋር ነው። ቅቤው ገና ከጅምሩ ነጣ ያለ ከሆነ ብልሽት አይደለም። በበጋ ላሟ ጭድና ፋጉሎ ስትበላ ቅቤዋ ይነጣል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ለምለም ሣር ስትግጥ ቢጫ ይሆናል። እርድ የገባበት ቅቤ ላይ ደግሞ ቀለሙን ብዙ አይመኑት።

ብዙ ሰው የሚደነግጥበትን አንድ ነገር ልጨምር። ቅቤው ጥራጥሬ ሆኖ፣ ከላዩ ንጹሕ ቢጫ ዘይት ተንሳፎ ቢያዩት አልተበላሸም። የቅቤ ስብ ብዙ ዓይነት ነው፣ ሁሉም በአንድ ሙቀት አይረጋም። በባሕር ዳር የቤት ሙቀት ግማሹ ይረጋል፣ ግማሹ ይፈሳል። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጥራጥሬው ይተልቃል። ሲያሞቁት መልሶ አንድ ይሆናል። ዘይቱ ከላይ ነው የሚሆነው፣ ውሃ ከታች። ይህን ካስታወሱ አይሳሳቱም።

ጾም ላይ ስለሆኑ ሳይቀምሱ የሚለዩበትን ልንገርዎት። እኔ ራሴ ከምላስ ይልቅ በእነዚህ ነው የምተማመነው።

የመጀመሪያው ጠረኑን ማውጣት ነው። ቀዝቃዛ ቅቤ ጠረኑን ይደብቃል፣ የኮረሪማና የበሶብላ ሽታም ይሸፍነዋል። በስኒ በጣም የሞቀ ውሃ ያድርጉ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ይጣሉበት፣ በሰሃን ይክደኑት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከፍተው ወዲያው ያሽትቱ። መጀመሪያ ቅመሙ ይመጣል፤ እሱን ይለፉት። ከኋላው የሚቀረው ነው የቅቤው እውነተኛ ጠረን። ንጹሕ ቅቤ ከኋላው ወተት ወተት ይላል። የኮመጠጠው አፍንጫ ይወጋል። ኦክስጅን የበላው ዘይት ዘይት ይሸታል። ከመፍረድዎ በፊት አንድ ስኒ ባዶ ሙቅ ውሃ አጠገቡ አስቀምጠው እየቀያየሩ ቢያሸቱ ይበልጥ ይለይልዎታል።

ሁለተኛው ውሃ መኖሩን ማየት ነው። ጥቂት ቅቤ በንጹሕና በደረቅ ብርጭቆ አድርገው ብርጭቆውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ያቁሙት። ሲቀልጥ ሳይነቃነቅ ግማሽ ሰዓት ይተዉት። ሥሩ ላይ ደፍረስ ያለ ንብርብር ወይም የሚንከባለል ጠብታ ካዩ ውሃ አለው። በደረቅ መጥበሻ ላይ አንድ ማንኪያ ጣል ቢያደርጉም ይነግርዎታል። ውሃ ያለው ይንጣጣል፣ ይረጫል። የሌለው ዝም ብሎ ይቀልጣል።

ለጠርሙሱ እንዲህ ያድርጉ። የነጣውን አናት ከሥሩ ካለው ቢጫ ሁለት ጣት ያህል ጨምረው አንስተው ይጣሉ። በመስኮቱ በኩል ያለውን ጎንም እንዲሁ ያንሱ። ከዚያ በደረቅ ማንኪያ ከመሃል ትንሽ ወስደው የስኒውን ፈተና ያድርጉበት። ዘይት ዘይት ካልሸተተና ብርጭቆው ሥር ውሃ ካላዩ በደህና ነው፤ ለፋሲካ ይጠቀሙበት፣ ለሌላ ጊዜ ግን አያቆዩት። ከመሃልም ከሸተተ ሁሉንም ይተዉት። የጠርሙሱ ሥር ላይ የነጭ ሽንኩርት ቁርጥራጭ ካለና አካባቢው እርጥብ ከሆነ ከባልዲው ጋር አንድ ላይ ይውጣ።

ይድናል ወይ ላሉት፣ ኦክስጅን የበላው ቅቤ አይድንም። እንደገና ማንጠር እንዲያውም ያብሰዋል፣ ተጨማሪ ሙቀት ነውና። አዲስ ቅመም መጨመር ጠረኑን ይሸፍናል እንጂ አይመልሰውም፣ ወጥ ውስጥ ገብቶ ይወጣል። የኮመጠጠ ቅቤን ግን በተወሰነ ደረጃ ማቅለል ይቻላል። የሚሸቱት ትናንሾቹ አሲዶች በውሃ ይሟሟሉ፣ ከእንፋሎት ጋርም ይወጣሉ። ያልተነጠረ በሳል ቅቤ ገዝተው ጠረኑ ከበዛብዎት ከማንጠርዎ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመው ይጠቡት። ከዚያ እያነጠሩ ትንሽ ንጹሕ ውሃ ጨምረው ክፍት አድርገው ያፍሉት። ይቀንሳል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም።

በሳል ቅቤ ስል፣ ሁሉም በሳል ቅቤ የተበላሸ ነው ማለቴ አይደለም። ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል እያልን የምንገዛው በዚሁ አሲድ መጠን ነው። ብዙ ቤት ወጡ ላይ ጠረኑ ጎላ ያለ ቅቤ ይወዳል፤ እኔም ዶሮ ወጥ ላይ ትንሽ በሰል ያለውን እመርጣለሁ። ግን ለወራት የሚቀመጥ ቅቤ ሲገዙ ለጋውን ይግዙ። ማንጠር ያለውን ያቆማል እንጂ ወደ ኋላ አይመልስም። ግማሽ መንገድ የሄደ ቅቤ ካነጠሩ መቆያው ከግማሽ ነው የሚጀምረው።

አሁን የሚቀጥለውን 4 ኪሎ አብረን እናንጥር።

ገበያ ላይ ቅቤውን ከላይ ብቻ አያሽትቱ። ባለ ቅቤዋን አስፈቅደው መሃሉን ይክፈቱት። አናቱ ላይ ለጋ፣ መሃሉ ላይ ያደረ አድርጎ የተጠቀለለ አለ። ቤት ወስደው ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ እያሹ ይጠቡት። ውሃው መጀመሪያ ነጭ ይሆናል፤ አሬራው ነው። ውሃውን እየቀየሩ፣ ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ያሹት። እዚህ ላይ የሚያጠፉት ሩብ ሰዓት በኋላ ከድስቱ ሥር የሚቃጠለውን ዝቃጭ ይቀንስልዎታል።

ወፍራም ሥር ያለው፣ ሰፊ ድስት ይጠቀሙ። ቅቤው ከግማሹ አይብለጥ፣ አረፋው ይነሳልና። እሳቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝግ ይበል። ቅቤው ሙሉ በሙሉ እንደቀለጠ እርጥብ የሆነውን ሁሉ አሁን ይጨምሩ። ለ4 ኪሎ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት ተፈርክሶ፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ተቀጥቅጦ፣ ከወደዱ አንድ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት ይበቃል። የእነሱ ውሃ ከቅቤው ውሃ ጋር አብሮ ይውጣ።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቅቤው ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ይንተከተካል፣ ትልልቅ አረፋ ያወጣል፣ ድምፁ ጎላ ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ነጭ አረፋ ሲሰበር «ነጠረ» ብሎ ያወርዳል። እሱ የአሬራው አረፋ ነው እንጂ የውሃው ማለቂያ አይደለም። አረፋውን በጭልፋ እየሰበሰቡ ያውጡና ይቀጥሉ።

የውሃው ማለቂያ በሦስት ነገር ይታወቃል፣ ሦስቱም አብረው ይመጣሉ። ድምፁ ይቀንስና ዝም ሊል ይቃረባል። አረፋው ደቃቅ ይሆናል። ቅቤው ጠርቶ የድስቱ ሥር ይታያል፣ ዝቃጩም ነጭነቱን ትቶ ወርቅማ ይሆናል። ቴርሞሜትር ካለዎት ሙቀቱ ከ100 አልፎ ወደ 110 ሲሄድ ያዩታል። 4 ኪሎ በዝግ እሳት አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ሊበልጥም ይችላል። አይቸኩሉ። ዝቃጩ ከወርቅማ ወደ ቡናማ ካለፈ ግን ቅቤው ይመርራል፤ ያኔ ወዲያው ከእሳት ያውርዱ።

ደረቅ ቅመሙ የሚገባው ድምፁ መቀነስ ሲጀምር ነው። ለ4 ኪሎ ታምሶ የተፈረከሰ ኮረሪማ አራት የሾርባ ማንኪያ፣ ነጭ አዝሙድና ታመስ ያለ አብሽ አንዳንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ኮሰረትና በሶብላ አንዳንድ እፍኝ፣ እርድ አንድ የሻይ ማንኪያ። ኮሰረቱን ለአቧራው ካጠቡት ከቀናት በፊት ይጠቡትና በደንብ ያድርቁት። በዕለቱ ታጥቦ እርጥብ የገባ ኮሰረት ያወጡትን ውሃ መልሶ ያስገባል። ቅመሙ ከገባ በኋላ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ በጣም በዝግ እሳት ይበቃዋል። ሽታው ያለው በሚተን ዘይቱ ነው፣ ሲበዛበት ቤቱ ይሸታል እንጂ ቅቤው አይሸትም። ቅመሞቹ ኦክስጅንን በመከላከል ትንሽ ያግዛሉ። ግን ውሃ የቀረበትን ቅቤ አያድኑም።

ካወረዱት በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይነካ ይርጋ። ዝቃጩ ይቀመጣል። ከላይ ቀስ ብለው በጥሩ ማጥለያ ወይም በንጹሕ ደረቅ ነጠላ ጨርቅ ያጥልሉት። የመጨረሻውን ደፍረስ ያለ ሁለት ጭልፋ ከማስቀመጫው ጋር አይቀላቅሉት። ለብቻው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡትና በሁለት በሦስት ቀን ይጠቀሙበት። ጾም ሊገባ ሲል ካነጠሩ ከቅበላው ወጥ ጋር ይሂድ። አሁን የተጠለለውንና ደፍረስ ያለውን አንድ ላይ ይመዝኑ። ከ4 ኪሎ 3 ኪሎ ከ200 አካባቢ ካገኙ ደህና ነው። ከ3 ኪሎ በታች ከሆነ ቅቤው በደንብ አልታሸም፣ ወይም ገበያ ላይ ውሃ ወይም ባዕድ ነገር ገብቶበት ሊሆን ይችላል፣ ደንበኛዎን ይቀይሩ። ተጠልሎ 3 ኪሎ ተኩል ከሆነ ወደ እሳቱ ይመልሱት።

ዕቃው ላይ ሦስት ነገር አስቡ። ደረቅ፣ ጨለማ፣ ሙሉ። ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ የጠርሙስ ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ ጥሩ ነው። መዳብና የሚዝግ ብረት ኦክስጅኑን ያግዙታል፣ ይተዉ። አንድ ትልቅ ዕቃ ከሚሆን ብዙ ትንንሽ ይሁኑ፣ እስከ አፋቸው ይሞሉ፣ አየሩ ቦታ አያግኝ። በየቀኑ የሚከፈተው አንዱ ብቻ ይሆናል። ትኩስ እያለ አይክደኑት፣ ክዳኑ ላይ ያላበው ተመልሶ ይንጠባጠባል። ለብ እስኪል በጨርቅ ይሸፍኑትና ከዚያ ይግጠሙት። በአሮጌ ቅቤ ላይ አዲስ አይጨምሩ። ያረጀው ጥቂት ቢሆንም አዲሱን ይጀምርለታል። ማንኪያው ሁልጊዜ ደረቅ ይሁን። በክረምት፣ ሐይቁ ዳር ሁሉ ነገር በሚያረጥብበት ጊዜ፣ ይህ ከሁሉ ይብሳል።

እንዲህ የተነጠረ ቅቤ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከምድጃ የራቀ ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ሳይከፈት ሦስት አራት ወር ያለ ሐሳብ ይቆያል። በጣም በደንብ ውሃው የወጣለት ስድስት ወርም ይደርሳል። ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ዓመት ይይዛል። አንዴ ከተከፈተና በየቀኑ ማንኪያ ከገባበት ግን ውጭ ከሆነ ስድስት ሳምንት አካባቢ ላይ የስኒውን ፈተና ይጀምሩ። ያልተነጠረ ቅቤ በዚህ ሙቀት በሳምንታት ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ 55 ቀን ጾም ለደህና ንጥር ቅቤ ምንም አይደለም። የርስዎ ቅቤ ያልደረሰው ጊዜው ረዝሞበት አይደለም። ባልዲው ውሃ ይዞ ገባ፣ ጠርሙሱ ብርሃን ላይ ተቀመጠ።

ለዘንድሮው ፋሲካ ግን 4 ኪሎ እንደገና አይግዙ። በዓሉ ሲቃረብ ዋጋውም ይጨምራል፣ የተደባለቀውም ይበዛል። የጠርሙሱ መሃል ከተረፈ ለዶሮው እሱ ይበቃል። ካልተረፈ ለሁለት ዶሮ ግማሽ ኪሎ ለጋ ቅቤ ገዝተው ስቅለት ሳይደርስ ያንጥሩ። ግማሽ ኪሎ በትንሽ ድስት ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ጆሮዎን ድምፁ ላይ ያድርጉ። የእርጎ ባልዲውን ግን በሙቅ ውሃና በሳሙና ቢያጥቡትም ለቅቤ አይመልሱት። ፕላስቲክ የቅቤ ጠረን ይጠጣል፣ ለእህል መስፈሪያ ይሁን።